ጭንቀትን የሚቀንስ የቡድን ጥያቄና መልስ ለፈተና ክለሳ፦ ከዝግጅቱ እስከ መጨረሻው ሳምንት

በከፍተኛ ክፍሎች የክለሳ ጊዜ ሲደርስ ብዙ መምህራን ተማሪዎችን በቡድን ከፍለው ጥያቄና መልስ ያካሂዳሉ። ሐሳቡ ትክክል ቢሆንም አካሄዱ ብዙ ጊዜ ይከሽፋል። ቀድሞ እጁን ያወጣ ይመልሳል፣ ነጥቡ ሰሌዳ ላይ ይጻፋል፣ አንደኛ የወጣው ቡድን ይጨበጨብለታል፤ ሦስት አራት ተማሪዎች ደስ ብሏቸው ሲወጡ የቀሩት ከገቡበት የበለጠ ፈርተው ይወጣሉ። እኔም ለዓመታት የሠራሁት በዚሁ መንገድ ነበር። አንድ ቀን ክፍለ ጊዜው ካለቀ በኋላ፣ ሰዓቱን ሙሉ አንዲት ቃል ያልተነፈሰች ተማሪ በደብተሯ ጠርዝ ላይ የአሥራ ሁለት ጥያቄዎችን መልስ በእርሳስ ጽፋ አየሁ። አሥሩ ትክክል ነበሩ። ቡድኗ ግን በዚያ ቀን መጨረሻ ወጥቶ ነበር። ከዚያ በኋላ ጥያቄዎቹን ሳይሆን ቅርጹን መለወጥ እንዳለብኝ ገባኝ።

ይህ መመሪያ አንድ ቅርጽ ብቻ ይዞ እስከ መጨረሻው ይሄዳል። እሱም ባለ ሁለት ዙር ጥያቄና መልስ ነው። ተማሪው መጀመሪያ ጥያቄዎቹን ብቻውን በጽሑፍ ይሠራል፤ ቀጥሎ እነዚያኑ ጥያቄዎች ከቡድኑ ጋር ተወያይቶ ይመልሳል፤ ትክክል መሆን አለመሆኑንም እዚያው ያውቃል። ለምሳሌ የምጠቀመው 32 ተማሪዎች ያሉበትን ክፍልና የ45 ደቂቃ ክፍለ ጊዜን ነው።

ከመጀመርዎ በፊት፦ ጭንቀቱ ከየት እንደሚመጣ ይለዩ

ተማሪን የሚያስጨንቀው ጥያቄ መጠየቁ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2014 በታተመ አንድ ጥናት ላይ በክፍል ውስጥ በተደጋጋሚ አነስተኛ ጥያቄዎች ይቀርቡላቸው የነበሩ 1,408 የመካከለኛና የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ተጠይቀው፣ 72 በመቶዎቹ ልምምዱ የፈተና ፍርሃታቸውን እንደቀነሰላቸው ተናግረዋል። ይህ ተማሪዎቹ ስለራሳቸው የሰጡት ምስክርነት እንጂ የተለካ የልብ ምት አይደለም፤ ሆኖም አቅጣጫውን ያሳያል።

የሚያስጨንቁት ሦስት ነገሮች ናቸው፦ መሽቀዳደም፣ በሰው ፊት መሳሳት፣ ከሌላው ጋር ተወዳድሮ ደረጃ ማግኘት። የፈራ ተማሪ ጥያቄውን ለመሥራት የሚያስፈልገውን የአእምሮ ቦታ ፍርሃቱ ስለሚይዝበት፣ የሚያውቀውን እንኳ በዚያ ቅጽበት አያገኘውም። ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች በሙሉ እነዚህን ሦስት ነገሮች ለማስወገድ የተቀመጡ ናቸው። አንዱን ደረጃ ለመዝለል ሲያስቡ ከሦስቱ የትኛው ተመልሶ እንደሚገባ በቅድሚያ ያስቡ።

ደረጃ 1፦ አሥር ጥያቄዎች ያዘጋጁ

ከአሥር አይበልጡ። አምስቱን ከሰሞኑ ትምህርት፣ ሦስቱን ከአንድ ወር በፊት ከተሠራው፣ ሁለቱን ከዓመቱ መጀመሪያ ይውሰዱ። የድሮዎቹን ጥያቄዎች አይተዉ፤ በፈተና ዋዜማ ተማሪውን የሚያሸብረው «የመጀመሪያዎቹን ምዕራፎች ረስቻለሁ» የሚለው ስሜት ነው። የመጀመሪያው ጥያቄ ሁሉም የሚመልሰው ይሁን።

ክብደቱን በዚህ ይለኩ፦ አንድ ተማሪ ብቻውን ሲሠራ በአማካይ ከአሥሩ ስድስት ወይም ሰባት ማግኘት አለበት። አማካዩ ከአምስት ከወረደ ክፍሉ ተስፋ ይቆርጣል። ዘጠኝ ከደረሰ ደግሞ ቡድኑ የሚወያይበት ነገር ያጣል፤ መልሱን ተቀባብሎ ዝም ይላል።

እያንዳንዱ ጥያቄ አራት አማራጮች ይኑሩት። የተሳሳቱት አማራጮች ለማሳሳት ሲባል የተፈጠሩ ሳይሆኑ፣ ተማሪዎች በቀደሙ ፈተናዎችና የቤት ሥራዎች ላይ በእርግጥ የሠሯቸው ስሕተቶች መሆን አለባቸው። አንድ የሥነ ሕይወት ጥያቄ እንመልከት።

የተላጠ የድንች ቁራጭ ጨው በበዛበት ውኃ ውስጥ ለአንድ ሰዓት ቢቀመጥ ክብደቱ ምን ይሆናል?

ሀ) ይጨምራል፤ ጨው ወደ ድንቹ ስለሚገባ።
ለ) ይቀንሳል፤ ውኃ ከድንቹ ሴሎች ስለሚወጣ።
ሐ) አይለወጥም፤ የሚገባው ጨው የሚወጣውን ውኃ ስለሚተካ።
መ) ይጨምራል፤ ውኃ ወደ ድንቹ ሴሎች ስለሚገባ።

መልሱ ለ ነው። ሀን የሚመርጠው ተማሪ በኦስሞሲስ የሚንቀሳቀሰው ውኃ መሆኑን ዘንግቷል። መን የሚመርጠው ውኃ መሆኑን ያውቃል፤ አቅጣጫውን ግን ገልብጦታል። ሐን የሚመርጠው ሁለቱን ለማስታረቅ ይሞክራል። እንዲህ ያለ ጥያቄ ከቡድን ጋር ሲቀርብ ክርክሩ ራሱ ክለሳ ይሆናል። አማራጩ ምክንያቱንም ስለያዘ «ለ ይመስለኛል» ብሎ ማለፍ ያስቸግራል።

ደረጃ 2፦ ቡድኖቹን ራስዎ ይመድቡ

ተማሪዎች ራሳቸው እንዲቧደኑ አይፍቀዱ። ማንም ያልመረጠው ተማሪ ጥያቄው ሳይጀመር ተሸንፏል።

የቡድን አባላት አራት ይሁኑ። ባለፈው ፈተና ውጤት መሠረት ለራስዎ ብቻ ዝርዝር ያውጡና እንደ እባብ እየተጠማዘዙ ይመድቡ፦ ከ1ኛ እስከ 8ኛ ያሉትን በቅደም ተከተል ለስምንቱ ቡድኖች ይስጡ፤ ከ9ኛ ጀምሮ ያሉትን ደግሞ ከስምንተኛው ቡድን ወደ አንደኛው ይመለሱ፤ እንደገና ከአንደኛው ይቀጥሉ። በዚህ መንገድ አንደኛው ቡድን 1ኛ፣ 16ኛ፣ 17ኛና 32ኛ ተማሪዎችን ያገኛል፤ ስምንተኛው 8ኛ፣ 9ኛ፣ 24ኛና 25ኛን ያገኛል። ዝርዝሩን ማንም አይየው፤ ከተመደቡም በኋላ ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ አይተዉ።

ጥንቃቄ፦ ስሌቱ ብቻውን አይበቃም። የተጣሉ ተማሪዎች፣ ወይም አንዱ ሌላውን የሚያፌዝበት ከሆነ፣ በአንድ ቡድን አይቀመጡ። በውጤት ተቀራራቢ ከሆነ ተማሪ ጋር ይለዋውጧቸው።

ቁጥሩ ለአራት የማይካፈል ከሆነ አምስት ከማድረግ ሦስት ማድረግ ይሻላል። ለምሳሌ ለ30 ተማሪዎች ስድስት ባለ አራትና ሁለት ባለ ሦስት ቡድኖች ይበቃሉ። አምስት ሲሆኑ አምስተኛው ዝም ብሎ መቀመጥ ይችላል፤ ሦስት ሲሆኑ ግን የሚደበቅበት ቦታ የለም፤ ሆኖም የሚያየው ሰው ጥቂት ስለሆነ ብዙም አያፍርም። ምድቡን ቢያንስ ለአምስት ሳምንታት አይቀይሩ፤ ተማሪ በሰው ፊት ለመሳሳት የሚደፍረው ከለመደው ሰው ጋር ሲሆን ነው።

ደረጃ 3፦ የመልስ ካርዱን ይሥሩ

የዚህ ቅርጽ ልብ ካርዱ ነው። ቡድኑ መልሱን ከመምህሩ አፍ ሳይሆን ከካርዱ ይሰማል፤ ስለዚህ ስሕተቱን የሚያውቁት አራቱ አባላት ብቻ ናቸው።

1. በአንድ ወረቀት ላይ አሥር መስመሮችና አራት ዓምዶች ያሉት ሰንጠረዥ ያዘጋጁ። ዓምዶቹን ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ ብለው ይሰይሙ። ይህ የታችኛው ወረቀት ነው።
2. በየመስመሩ በትክክለኛው መልስ ሳጥን ውስጥ አንዲት ትንሽ ነጥብ በእርሳስ ያድርጉ። ሌሎቹን ባዶ ይተዉ።
3. በተመሳሳይ ልክ ሌላ ወፍራም ወረቀት ላይ ያንኑ ሰንጠረዥ ያትሙ። እያንዳንዱን ሳጥን በሦስት ጎኑ በምላጭ ይቁረጡና የላይኛውን ጎን ሳይቆረጥ ይተዉት። አርባ ትንንሽ በሮች ያሉት ሽፋን ያገኛሉ።
4. ሽፋኑን በታችኛው ወረቀት ላይ ገጥመው በአራቱም ጠርዝ በወረቀት መያዣ ያያይዙ።

ሽፋኑ አንዴ ከተሠራ ለብዙ ሳምንታት ያገለግላል፤ በየሳምንቱ የሚለወጠው የታችኛው ወረቀት ብቻ ነው። ከተጠቀሙበት በኋላ በሮቹን መልሰው ከከባድ መጻሕፍት ሥር ያሳድሩት።

ከመስጠትዎ በፊት አንዱን ካርድ ወደ መስኮት ብርሃን ከፍ አድርገው ይመልከቱ። ነጥቡ ከታየ ሽፋኑ ስስ ነው፤ በሁለቱ መሐል አንድ ተጨማሪ ወረቀት ማስገባት አይችሉም፤ በሩ ሲከፈት ነጥቡን ይሸፍነዋልና። ያለው መፍትሔ የሽፋኑን ወረቀት መለወጥ ወይም ነጥቡን ይበልጥ ማሳነስና ማደብዘዝ ነው። እኔ በመጀመሪያው ሳምንት በቀይ እስክሪብቶ ኮከብ ሥዬ ነበር፤ ከኋላ የተቀመጠው ቡድን ከመስኮቱ አጠገብ ስለነበር በአምስት ደቂቃ ጨረሰ።

ጎረቤት ቡድኖች አንዱ የሌላውን የተከፈተ በር እንዳያይ የጥያቄዎቹን ቅደም ተከተል በሁለት ዓይነት ያዘጋጁ፤ የታችኛውን ወረቀትም በዚያው ልክ ይለዩ። ትክክለኛ መልሶቹ በአራቱ ፊደላት ላይ የተበታተኑ መሆናቸውንም ያረጋግጡ።

የነጥብ አሰጣጡ እንዲህ ነው፦ በመጀመሪያው በር የተገኘ መልስ 4 ነጥብ፣ በሁለተኛው 2፣ በሦስተኛው 1፣ በአራተኛው 0። የተሳሳተ ቡድን ለመቀጠል ምክንያት ይኖረዋል፤ ከስሕተቱ በኋላ የሚያስበው ሐሳብ ዋጋ አለውና።

ደረጃ 4፦ ከሁለት ቀን በፊት ያሳውቁ

ድንገተኛ ጥያቄ ከፍርሃት በቀር የሚጨምረው ነገር የለም። ከሁለት ቀን በፊት የሚሸፈኑትን ምዕራፎች ይንገሯቸው፤ ቀጥለውም አራት ነገሮችን በግልጽ ይናገሩ፦ በብቸኝነት የሚሠራው ወረቀት እንደማይሰበሰብ፣ ውጤቱ ወደ መዝገብ እንደማይገባ፣ ማንም በስሙ ተጠርቶ እንደማይጠየቅ፣ የቡድኖች ነጥብ ሰሌዳ ላይ እንደማይጻፍ። እነዚህን ቃሎች አንድ ጊዜ እንኳ ቢያፈርሱ እምነቱን መልሶ ለመገንባት ሳምንታት ይፈጅብዎታል።

ደረጃ 5፦ የመጀመሪያው ዙር፣ ለየብቻ፣ 12 ደቂቃ

ክፍለ ጊዜው ሲጀምር ሦስት ደቂቃ ለመቀመጥና ወረቀት ለማደል ይተዉ። በዚያው ጊዜ ለእያንዳንዱ ተማሪ ቁራጭ ወረቀት ሰጥተው ስሙን ሳይጽፍ የአሁኑን ጭንቀቱን ከ1 እስከ 5 በቁጥር እንዲያስቀምጥ ያድርጉ። ቁራጮቹን በአንድ ፖስታ ይሰብስቡ።

ከዚያ ፍጹም ጸጥታ ይሁን። ተማሪው ለእያንዳንዱ ጥያቄ ፊደሉን ይጽፋል፤ ከጎኑም እርግጠኛ ከሆነ «እ»፣ ከተጠራጠረ «ጥ»፣ ከገመተ «ግ» ያስቀምጣል። ይህች ትንሽ ምልክት በሁለተኛው ዙር ትልቅ ሥራ ትሠራለች፤ «አላውቅም» ማለት የሚያሳፍረው ተማሪ «እኔ እዚህ ላይ ጥ አድርጌያለሁ» ማለት አያሳፍረውም።

አሥራ ሁለት ደቂቃውን ጮክ ብለው አይቁጠሩ። «ሁለት ደቂቃ ቀርቷል» የሚለውን ብቻ አንድ ጊዜ በዝግታ ይናገሩ። ይህን ዙር ጊዜ ለመቆጠብ ብለው አይዝለሉ፤ ብቻውን ያላሰበ ተማሪ በቡድኑ ውስጥ የሚያደርገው የሌላውን ሐሳብ መቀበል ብቻ ነው።

ደረጃ 6፦ ሁለተኛው ዙር፣ በቡድን፣ 18 ደቂቃ

ለየቡድኑ አንድ ካርድ ይስጡ። አንዱ ጥያቄውን ያነባል፣ አንዱ የንግግሩን ተራ ይጠብቃል፣ አንዱ ነጥብ ይመዘግባል፣ አንዱ በሩን ይከፍታል። በር ከፋዩ ከቡድኑ ቀልጣፋው ተማሪ አይሁን፤ ቀልጣፋው ከሆነ ውይይቱ ሳያልቅ እጁ ይቀድማል። ኃላፊነቶቹ በየሳምንቱ ይዙሩ።

የንግግሩ ሕግ ይህ ነው፦ በመጀመሪያ ሁሉም ፊደላቸውን በአንድ ጊዜ በጣታቸው ያሳያሉ፤ ለሀ አንድ ጣት፣ ለመ አራት ጣት። ቀጥሎ «ግ» ወይም «ጥ» ያለው ይጀምራል፤ «እ» ያለው መጨረሻ ይናገራል። ሁሉም ፊደል ብቻ ሳይሆን ምክንያት ይሰጣል። አራቱም ሳይናገሩ በር አይከፈትም።

ቅደም ተከተሉ ለምን እንደሚጠቅም ለማየት ወደ ድንቹ ጥያቄ እንመለስ። በአንድ ቡድን ጣቶቹ ሁለት «ለ»፣ አንድ «ሀ»፣ አንድ «መ» አሳዩ። ገምታ ሀ ያለችው ተማሪ ጀመረች፦

«እኔ ጨው ይገባል ብዬ ነው። ጨው ደግሞ ይከብዳል።»

መ ያለው ቀጠለ፦ «የሚሄደው ውኃ ነው ብለን ተምረናል። ውኃ ወደ ድንቹ የሚገባ መስሎኝ ነው፤ ግን ጥ አድርጌያለሁ።»

ሦስተኛዋ ለ ብላ ነበር፤ ምክንያቷን ግን ስትጠየቅ ቆመች። «ለምን እንደሚወጣ አላውቅም፤ ድንቹ ሲለሰልስ አይቼ ነው።»

እርግጠኛው ተማሪ መጨረሻ ሲናገር ሦስት የተለያዩ ጥያቄዎች ፊቱ ላይ ነበሩ፦ ምን ይንቀሳቀሳል፣ ወዴት፣ ለምን። «ውኃ የሚሄደው ከበዛበት ወደ አነሰበት ነው። ውጭ ያለው ጨው ስለበዛበት ንጹሑ ውኃ በዚያ በኩል አንሷል፤ ስለዚህ ከሴሉ ይወጣል» አለ። እሱ ቀድሞ ተናግሮ ቢሆን ኖሮ «ለ ነው» ተብሎ ያልፍ ነበር፤ መልሱን በትክክል የመረጠችው ሦስተኛዋ ተማሪም ምክንያቱን ሳታውቅ ትቀር ነበር።

እርስዎ በዚህ ጊዜ እየተዘዋወሩ ይስሙ፤ መልስ ግን አይስጡ። አንድ ቡድን «መምህር፣ ትክክል ነን?» ካለዎት «ካርዱን ጠይቁት» ይበሉና ይለፉ።

ደረጃ 7፦ ከመላው ክፍል ጋር፣ 8 ደቂቃ

አሥሩንም ጥያቄ እንደገና አይዘርዝሩ። ብዙ ቡድኖች በመጀመሪያው በር የሳቷቸውን ሁለት ጥያቄዎች ብቻ ይምረጡ። የትኞቹ እንደሆኑ ሲዘዋወሩ ያዩታል፤ ካላዩ ሁሉም ዓይኑን ጨፍኖ እጅ እንዲያወጣ ያድርጉ። ማብራሪያውን ከማን እንደመጣ ሳይናገሩ «አንድ ቡድን እንዲህ አስቦ ነበር» እያሉ ስሕተቱንም ትክክለኛውንም መንገድ ያሳዩ።

የነጥቡ ንጽጽር ከራስ ጋር ብቻ ነው። ለምሳሌ አንድ ቡድን ስድስት ጥያቄ በመጀመሪያው በር፣ ሦስት በሁለተኛው፣ አንድ በሦስተኛው ቢያገኝ 24፣ 6ና 1 ተደምሮ ከ40 ነጥብ 31 ይሆናል። ይህን በራሱ ወረቀት ላይ ካለፈው ሳምንት ነጥብ አጠገብ ይጽፈዋል። ጎረቤቱ ስንት እንዳገኘ መጠየቅ የቡድኑ ጉዳይ አይደለም።

ደረጃ 8፦ ተመልሶ ለብቻ፣ 4 ደቂቃ

እያንዳንዱ ተማሪ ብቻውን ሲሠራ ከሳታቸው አንዱን መርጦ ትክክለኛውን መልስና ምክንያቱን በሁለት ዓረፍተ ነገር በደብተሩ ይጻፍ። ካርዱም የቡድን ጓደኞቹም በዚህ ጊዜ አይረዱትም። ምንም ያልሳተ ካለ «ግ» ወይም «ጥ» ካደረገባቸው አንዱን ይውሰድ። በመጨረሻም ሁለተኛውን የጭንቀት ቁራጭ ወረቀት ሰብስበው ያሰናብቱ።

ሲበላሽ ምን ይደረግ?

*አንድ ተማሪ ቡድኑን ሲቆጣጠር።* ምልክቱ ጣቶች ዘግይተው መውጣታቸው ነው፤ ሌሎቹ የእሱን ጣት ዓይተው ያስተካክላሉ። ተማሪውን በክፍሉ ፊት አይገሥጹ። ጣቶቹ ከጠረጴዛው ሥር እንዲዘጋጁና «አሁን» ሲባል በአንድነት እንዲወጡ ያድርጉ፤ ለሚቀጥለውም ሳምንት ተራ ጠባቂነቱን ለእሱ ይስጡት። የሌላውን ተራ የማስከበር ኃላፊነት ያለበት ሰው የራሱን መቅደም ያስተውላል።

*አንድ ተማሪ ፈጽሞ ሳይናገር ሲቀር።* በግድ አያናግሩት። ምክንያቱን በወረቀት ጽፎ ለአንባቢው እንዲሰጥና አንባቢው እንዲያነብለት ይፍቀዱ። በሁለት ሦስት ሳምንት ውስጥ አብዛኞቹ ራሳቸው ማንበብ ይጀምራሉ። ካልጀመሩም ወረቀቱ ይቀጥል፤ የተፈለገው ማሰቡ ነውና።

*ቡድኑ ሳይወያይ በሮቹን ሲከፍት።* ብዙውን ጊዜ ጥያቄው በጣም ከብዷቸው ነው። ካርዱን ለአንድ ደቂቃ ተቀብለው «ከአራቱ የትኛው በእርግጠኝነት ስሕተት ነው?» ብለው ይጠይቁ። አንዱን መጣል ከቻሉ ውይይቱ ይመለሳል።

*ጥያቄው ራሱ የተሳሳተ ሲሆን፣ ወይም ሁለት መልስ ሲኖረው።* ወዲያው ይመኑ። ለሁሉም ቡድን 4 ነጥብ ይስጡ፤ ክርክሩን ያነሣውን ቡድንም ያመስግኑ። መምህሩ ስሕተቱን ሳይደነግጥ ሲቀበል ተማሪው ያያል።

*አንድ ቡድን በጣም ቀድሞ ሲጨርስ።* ሌላ ጥያቄ አይጨምሩላቸው። «እ» ካደረጉባቸው መካከል የሳቷቸውን ፈልገው እርግጠኛ ያደረጋቸው ምን እንደነበር እንዲጽፉ ያድርጉ፤ በፈተና ላይ ነጥብ የሚያስጥለው ከግምቱ ይልቅ ይህ ነው።

*የጭንቀቱ ቁጥር ሳይቀንስ ሲቀር።* ሁለቱን ፖስታዎች ይክፈቱና አማካያቸውን ያወዳድሩ። በመጀመሪያው ሳምንት ባይለወጥ አይደነቁ፤ አዲስ አሠራር በራሱ ያስጨንቃል። በሦስተኛው ሳምንትም ካልቀነሰ በመጀመሪያ የጥያቄውን ክብደት፣ ቀጥሎ ከአራቱ ቃሎችዎ የትኛው እንደተጣሰ ይመርምሩ። አማካዩ ወርዶ ሁለት ሦስት ወረቀቶች ብቻ 5 ላይ ከቆሙ ችግሩ ከቅርጹ ሳይሆን ከአንዳንድ ተማሪዎች ሁኔታ ነው። ወረቀቱ ስም የለውም፤ ስለዚህ ለመላው ክፍል ሊያነጋግሩዎት የሚችሉበትን ሰዓትና ቦታ ይንገሩ። እንቅልፍ ያጣ፣ በፈተና ቀን የሚያስመልሰው ወይም ከትምህርት ቤት የሚቀር ተማሪ ካለ ጥያቄና መልስ መድኃኒቱ አይደለም፤ ከወላጆቹና ከትምህርት ቤቱ አማካሪ ጋር ያገናኙት።

ወደ ፈተናው ሲቃረብ ቅርጹን ይለውጡ

ይህን ክፍል ብዙዎች ይረሱታል፤ ጉዳቱም ከባድ ነው። ፈተናው የሚሠራው ለብቻና በሰዓት ነው። በቡድን ከ40 ነጥብ 36 ያገኘ ተማሪ እሱም የሚያውቅ ይመስለዋል፤ የእውቀቱ ግማሽ ግን አጠገቡ የተቀመጠው ልጅ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለ እርግጠኝነት በፈተናው አዳራሽ ውስጥ ሲፈርስ የሚያመጣው ድንጋጤ ከቀድሞው ይብሳል።

ለማወቅ ቀላል መንገድ አለ። ተማሪው በመጀመሪያው ዙር ለብቻው ከአሥር ያገኘውን በየሳምንቱ ለራሱ ይመዝግብ። የቡድኑ ነጥብ እየጨመረ የእሱ ግን በአራትና በአምስት መካከል ከቆመ፣ በደረጃ 8 የጻፋቸውን ማብራሪያዎች ደብተሩን ዘግቶ እንደገና እንዲጽፋቸው ያድርጉ።

ከፈተናው ሦስት ሳምንት ሲቀር ለብቻ የሚሠራበትን ጊዜ ወደ 18 ደቂቃ ያሳድጉ፤ የቡድኑን ወደ 12 ይቀንሱ። ጥያቄዎቹም ከሦስቱ አንዱ አማራጭ የሌለው ይሁን፤ በዚህ ጊዜ በካርዱ ፈንታ የታሸገ የመልስ ወረቀት ለየቡድኑ ይስጡ።

ሁለት ሳምንት ሲቀር የሰዓቱን ነገር ያስገቡ። ለየብቻ የሚሠራውን ዙር በእውነተኛው ፈተና ለአንድ ጥያቄ በሚሰጠው ጊዜ ልክ ያድርጉት። ተማሪው ሰዓት የሚገጥመው በዚህ ጊዜ ነው፤ ግን ወረቀቱ አሁንም ስለማይሰበሰብና ቀጥሎ የቡድኑ ውይይት ስለሚጠብቀው ሰዓቱ ብቻውን አያስፈራውም።

በመጨረሻው ሳምንት ጠረጴዛዎቹን ለየብቻ አስቀምጠው ሃያ ጥያቄዎችን በፈተና ሥርዓት ያሠሩ። ተማሪው ወረቀቱን በቡድን ሳይሆን በራሱ ያርማል፤ ከዚያ አሥር ደቂቃ ከቡድኑ ጋር ተቀምጦ በጣም ያስቸገሩትን ሁለት ጥያቄዎች ብቻ ይጠይቃቸዋል። ይህ ከፈተናው ቢያንስ ሦስት ቀን ቀድሞ ይደረግ። በዋዜማው ምንም ዓይነት ጥያቄና መልስ አያካሂዱ፤ በዚያ ቀን የተገኘ ስሕተት ለመታረም ጊዜ የለውም፤ ለመረበሽ ግን ሌሊቱን ሙሉ አለው።